የአስተዳደር ሕግ የት ያበቃል፣ ሕገ መንግሥቱ የት ይጀምራል? በአንድ ደብዳቤ ላይ ድንበሩን የመፈለጊያ መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማታ ማታ የሕግ ተማሪዎችን ለፈተና አዘጋጃለሁ። ከዓመት ዓመት የማይቀርልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «መምህር፣ ይህ ጉዳይ የአስተዳደር ሕግ ነው ወይስ የሕገ መንግሥት?» ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ተጠየቅሁ። አንዱ ጠያቂ ጋቢውን እንደተከናነበ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ በዚያ ብርድ ሩብ ሰዓት አቆመኝ። መልሱን አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል።

ጥያቄው እኛ አገር ክብደት የሚኖረው በሩ ስለሚለያይ ነው። በብዙ አገር ባለሥልጣኑ ከሥልጣኑ አልፏል የሚለውን ክርክርም፣ ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚለውንም የሚሰማው ያው ፍርድ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው ለፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ሁለተኛው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ወደዚያ የሚደርሰውም በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ነው። ድንበሩን የሳተ ተማሪ ነጥብ ያጣል፤ ድንበሩን የሳተ ባለጉዳይ ግን ቀኑ ያልፍበታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የተጠቃው ውሳኔ ወይም ደብዳቤ፣ ሙሉውን፣ ማኅተሙና ቁጥሩ እስኪታይ ድረስ። ለፈተና ከሆነ የጥያቄው ወረቀት።
- የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የአማርኛ ቅጂ። አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በእንግሊዝኛው ብቻ የሚሠራ ተማሪ አንዳንድ ጊዜ በሌለ ቃል ይከራከራል።
- ለጉዳዩ የወጣው አዋጅ፣ ከሥሩ ያለው ደንብና መመሪያ። ማሻሻያ ካለው ማሻሻያውም አብሮ ይያዝ።
- የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 እና አጣሪ ጉባኤውን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 798/2005።
- ባለሁለት ቀለም እስክሪብቶ እና አንድ ነጭ ወረቀት።

ሁሉንም በስልክ አውርዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ቢያንስ ሕገ መንግሥቱን በወረቀት እንድትይዙ እመክራለሁ። ለምን እንደሆነ አራተኛው ደረጃ ላይ ታያላችሁ።

የምንሠራበት ጉዳይ

ለማስተማሪያ እኔ ያዘጋጀሁት ነው። በባሶና ወራና ወረዳ የሚኖሩ አንዲት እናት ሦስት ጥማድ የገብስና የባቄላ ማሳ አላቸው። ከወረዳው አስተዳደር ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ይዞታቸው ለሕዝብ ጥቅም ይፈለጋል፤ የመፈናቀያ ካሳቸው 400,000 ብር ነው፤ መሬቱን በ15 ቀን ውስጥ ያስረክቡ፤ ገንዘቡ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይከፈላል ይላል። ግርጌው ላይ አንድ የክልል መመሪያ ጠቅሶ «በካሳ ጉዳይ የሚቀርብ አቤቱታ ተቀባይነት የለውም» የሚል መስመር አለው። ልጃቸው አቤቱታ ይጽፍላቸዋል፤ አቤቱታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ «ወረዳው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ጥሶ መብታችንን ነጥቋል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም ይጽፈዋል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ እንዲህ ያለ አቤቱታ ጽፌ፣ የአንድ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር «የጣሰው የትኛውን አዋጅ ነው?» ብሎ ወረቀቴን መልሶ በመስኮቱ ገፍቶልኛል። የምመልሰው አልነበረኝም።

ደረጃ 1፦ ቅሬታውን ሰንጥቁት

በነጩ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ቅሬታ ለየብቻው ጻፉ። አንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ብቻ ይያዝ፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ በየትኛው ወረቀት እንዳደረገው ይናገር። «መብቴ ተነጠቀ» ድርጊት አይደለም። የእናታችን ጉዳይ ሲሰነጠቅ አራት ይሆናል።

ሀ. ወረዳው ካሳውን ያሰላው በአሮጌው ቀመር ነው።
ለ. ካሳው ሳይከፈል መሬቱን አስረክቡ ተብሏል።
ሐ. መመሪያው አቤቱታ አይሰማም ይላል።
መ. ቀመሩ በትክክል ቢሰላ እንኳ ከእርሻ የተነቀለን ሰው ኑሮ አይተካም።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ድንበሩ በጉዳይ ሳይሆን በቅሬታ መካከል ስለሚያልፍ ነው። አንድ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት የአስተዳደር ጥያቄና አንድ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ተቃቅፈው ሊገኙ ይችላሉ። ተማሪዎች «ጉዳዩ የየትኛው ሕግ ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ገና ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

ደረጃ 2፦ መሰላሉን ሣሉ

ከታች ወደ ላይ አምስት እርከን ሣሉ፤ ውሳኔ፣ መመሪያ፣ ደንብ፣ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥት። ከእያንዳንዱ እርከን አጠገብ ማን እንዳወጣው ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቅሬታ የሚያጠቃው ነገር ባለበት እርከን ላይ አስቀምጡት። ሀ እና ለ የሚያጠቁት ደብዳቤውን ነው፤ የመጀመሪያው እርከን። ሐ መመሪያውን ያጠቃል። መ ደግሞ ደብዳቤውንም መመሪያውንም አልፎ አዋጁን ራሱን ነው የሚያጠቃው።

በዚሁ ደረጃ የፌዴራሉን ከክልሉ ለዩ። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚገዛው የፌዴራል ተቋማትን ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ውሳኔ ሰጥቶባችሁ ከሆነ ይህ አዋጅ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይወስዳችኋል። ወረዳ፣ ዞን ወይም የክልል ቢሮ ከሆነ ግን የምትፈልጉት ለጉዳዩ በተለይ የወጣውን ሕግና የክልሉን ሕግ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ክልሉም የራሱ ሕገ መንግሥት አለው፤ እሱንም የሚተረጉም የራሱ አካል አለው። «ሕገ መንግሥት» ብላችሁ ስትጽፉ የትኛውን እንደሆነ ሁልጊዜ ግለጹ።

ደረጃ 3፦ ከታች ጀምራችሁ ውጡ፣ መልስ ባገኛችሁበት እርከን ቁሙ

ተጠቂውን ነገር ወዲያው ከበላዩ ካለው ሕግ ጋር አስተያዩት። መልስ ካልተገኘ አንድ እርከን ውጡ። መልስ ከተገኘ ቁሙ። ከላይ መጀመር የሚያጓጓው ሕገ መንግሥቱ ሁሉንም ነገር ስለሚነካ ነው። ሁሉን የሚነካ ሕግ ደግሞ ለብቻው ምንም አይለይላችሁም።

ቅሬታ ሀን እንውሰድ። እናታችን ያለፉት አምስት ዓመታት የማሳ ገቢያቸው በቅደም ተከተል 30,000፣ 32,000፣ 40,000፣ 46,000 እና 52,000 ብር ነበር እንበል። አሮጌው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስቱን ዓመት አማካይ በ10 ያባዛ ነበር። አማካዩ 40,000 ነው፤ በ10 ሲባዛ 400,000 ብር፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር። በቦታው የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ በ15 ያባዛል፤ ለዘለቄታው ለሚነሣና ምትክ መሬት ላላገኘ ሰው። 52,000 በ15 ሲባዛ 780,000 ብር ነው። ልዩነቱ 380,000 ብር። ወረዳው የተሻረ ሕግ ሠርቶበታል፤ መልሱ አዋጁ እርከን ላይ ተገኝቷል፤ እዚያው ቁሙ። ሀ የአስተዳደር ሕግ ጥያቄ ነው። አንቀጽ 40ን መጥቀስ እዚህ ላይ ለጌጥ ካልሆነ አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ሕገ መንግሥቱን ዝጉት

የዚህ ጽሑፍ ልብ ይህ ነው። መጽሐፉን በእጃችሁ ያዙና ዝጉት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቅሬታ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ።

የመጀመሪያው፦ ሕገ መንግሥቱ እንደተዘጋ ይህን ቅሬታ ማሸነፍ እችላለሁ? አዎ ከሆነ የአስተዳደር ሕግ ነው።

ሁለተኛው፦ ባለሥልጣኑ ሕጉን ነጥብ በነጥብ ቢያከብር ኖሮስ ቅሬታዬ ይቀር ነበር? «አይቀርም፣ ያኔም እከራከር ነበር» ካላችሁ ጠባችሁ ከባለሥልጣኑ ጋር መሆኑ ቀርቷል፤ ጠባችሁ ከሕጉ ጋር ነው። መጽሐፉን አሁን ክፈቱ።

በቅሬታ ለ ላይ ሞክሩት። «ካሳ ሳይከፈል ልቀቁ» የሚለው ብዙዎችን የሚያሳስት ነው። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 «ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ በመክፈል» ይላል፤ ቃሉ ዓይን ውስጥ ይገባል። ተማሪው «ይኸው ሕገ መንግሥት!» ይላል። መጽሐፉን ዝጉት እንጂ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ራሱ ካሳው መሬቱ ከመለቀቁ በፊት እንዲከፈል ያዝዛል። እናታችን በአዋጁ ብቻ ያሸንፋሉ። መብቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ መጻፉ ጥያቄውን የሕገ መንግሥት አያደርገውም፤ ሕግ አውጪው መብቱን በአዋጅ ሲዘረዝር መከራከሪያውንም ወደ ታች አውርዶታል።

ቅሬታ ሐ፦ መመሪያው አቤቱታ ይዘጋል። አዋጁ ደግሞ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲኖር፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት እንዲኬድ መንገድ አበጅቷል። መመሪያ አዋጅ የከፈተውን በር ሊዘጋ አይችልም። ሕገ መንግሥቱ ተዘግቶ አሸነፋችሁ፤ የአስተዳደር ሕግ ነው።

ቅሬታ መ፦ ወረዳው 780,000 ብሩን በወቅቱ ቢከፍል፣ አቤቱታም ቢሰማ፣ ይህ ቅሬታ አሁንም ቆሟል። «አዋጁ ራሱ አይበቃም» ነው የሚለው። ድንበሩን ተሻገርን።

መጽሐፉን ስትከፍቱ ግን የት እንደምትከፍቱ እወቁ። አብዛኛው ተማሪ አሁንም አንቀጽ 40(8) ላይ ያርፋል። ያ ንዑስ አንቀጽ ስለ ግል ንብረት ነው፤ መሬት በአንቀጽ 40(3) የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የግል ንብረት አይደለም። ባሕር ዛፉ፣ ቤቱ፣ አጥሩ በ40(8) ይገባል። ከእርሻ መፈናቀል የነካው ኑሮ ግን ይበልጥ የሚስማማው አንቀጽ 44(2) ነው፤ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የመ ክርክር «15 እጥፍ በአንቀጽ 44(2) ዓይን ተመጣጣኝ ነው ወይ?» የሚል ይሆናል። እንዲህ ስትጽፉት ፈታኙ ብርጭቆውን አስቀምጦ ያነባል።

ደረጃ 5፦ ድንበሩ የሚደበዝዝባቸውን ሦስት ቦታዎች ፈትሹ

እስከዚህ ድረስ መስመሩ ቀጥ ያለ ይመስላል። አይደለም። መጽሐፉን የመዝጋቱ ፈተና ብዙውን ጉዳይ ይለያል፤ የሚከተሉት ላይ ግን ይንገዳገዳል። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ።

*የመጀመሪያው፦ ከሥልጣን ማለፍ።* የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣው በአንቀጽ 77(13) መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰጠው ሥልጣን ልክ ነው። ደንቡ ከእናት አዋጁ አልፎ ቢገኝ፣ የአስተዳደር ሕግ ተማሪው «ከተሰጠው ሥልጣን በላይ ነው» ይላል። ከጎኑ የተቀመጠው ተማሪ ደግሞ «አንቀጽ 77(13) ተጥሷል» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከሥልጣን ማለፍ ሁሉ ወደ ኋላ ቢጎተት ሕገ መንግሥት ላይ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ሥልጣን ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ሁለቱ ትምህርቶች የሚደባለቁበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነው። የአስተዳደር ሕግ መሣሪያው፣ ማለትም «ሥልጣንህን አሳየኝ» የሚለው ጥያቄ፣ ራሱ ከሕገ መንግሥት የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ የሚረዳው መለያ አንድ ነው። ክርክሩን ለመፍታት የሚነበበው የማን ቃል ነው? የአዋጁን የውክልና አንቀጽ አንብቦ «ደንቡ ይህን ይጨምራል፣ አይጨምርም» ማለት ከተቻለ የአስተዳደር ሕግ ነው። ማንም ያልተስማማበትን የሕገ መንግሥት ቃል ትርጉም መወሰን ካስፈለገ ግን ተሻግራችኋል።

*ሁለተኛው፦ «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚል ሕግ።* ወደ ቅሬታ ሐ ተመለሱና አንድ ነገር ለውጡ፤ አቤቱታ የሚዘጋው መስመር በመመሪያ ሳይሆን በአዋጅ ተጽፏል እንበል። ቃሉ ያው ነው፣ ጉዳቱም ያው ነው፤ እርከኑ ብቻ ወጣ። አሁን ከክልከላው በላይ ሆኖ የሚቀለብሰው አዋጅ የለም። የቀረው አንቀጽ 37(1) ነው፤ ማንኛውም ሰው «በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ» ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብ መብት አለው። የዚያ ሐረግ ትርጉም ክርክር ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው የሕገ መንግሥት ሆነ።

መካከለኛው እርከን ደግሞ በጣም ያስቸግራል። የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ ቁጥር 155/2000 አንቀጽ 37 ሲወጣ፣ ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት ፈቅዶ፣ የተሰናበተውም በየትኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራ እንዳይመለስ ደንግጎ ነበር። ተለማመዱበት። ሁለት አምድ አድርጉ፤ በአንዱ «ይህን ለማለት አዋጁ ሥልጣን ሰጥቶታል?» በሌላው «አንቀጽ 37 ይህን ይፈቅዳል?» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው አምድ ከሞላ ሁለተኛው ላይ መድረስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

*ሦስተኛው፦ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ውሳኔን ስለሚያካትት።* አንቀጽ 9(1) ተፈጻሚነት አይኖራቸውም የሚላቸው ሕጎችን ብቻ አይደለም፤ «የመንግሥት አካል ወይም ባለሥልጣን ውሳኔ» ይጨምራል። አዋጅ ቁጥር 798/2005ም መሠረታዊ መብቱ በመንግሥት አካል የመጨረሻ ውሳኔ ተጥሷል የሚል ሰው ለአጣሪ ጉባኤው እንዲያመለክት ይፈቅዳል። እንግዲህ የወረዳ ደብዳቤም፣ ይግባኙ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እዚያ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። በዚሁ ላይ አንቀጽ 13(1) ፍርድ ቤቶችን ጨምሮ ሁሉም አካላት የምዕራፍ ሦስትን መብቶች እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ያዝዛል፤ መተርጎም ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ማስከበርና መተርጎም የት ይለያያሉ? ዳኛ አንቀጽን ሳይረዳው ሊያስከብረው አይችልም። ይህ ውጥረት በሕጉ ውስጥ ያለ ነው፤ እናንተ አላጠናችሁም ማለት አይደለም።

ሁለት ጥያቄ በአንድ ድርጊት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የ1997ቱን የሰልፍ ክልከላ ይውሰድ። ከምርጫው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ እንዳይደረግ ከለከሉ። ቅንጅት ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለአጣሪ ጉባኤው መራው፤ ጉባኤውም ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ። መሰላሉን ሥሩለት። «በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ስለ ሰላማዊ ሰልፍ የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው ለማን ነው?» የሚለው በታችኛው እርከን የሚመለስ ነው። «አንቀጽ 30 እንዲህ ያለውን ክልከላ ይፈቅዳል?» የሚለው የላይኛው ነው። ጉዳዩ የተጓዘው በሁለተኛው ነው። በፈተና ላይ ቢመጣ ሁለቱንም ለይቶ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ የእኔ ተማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አንቀጽ 30ን ብቻ ይጽፉና ይወጣሉ።

ደረጃ 6፦ በሩን ምረጡ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

በሁለተኛው ቀለም ከእያንዳንዱ ቅሬታ ፊት በሩን ጻፉ። ሀ፣ ለ እና ሐ በአዋጁ ወደተቋቋመው አቤቱታ ሰሚ አካል ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፤ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት። መ ግን አቤቱታ ሰሚው ሊመልሰው የሚችል አይደለም፤ የወረዳ ኮሚቴ አዋጅ አይሽርም። አንቀጽ 84(2) የሕግ ሕገ መንግሥታዊነት ሲያከራክር ፍርድ ቤት ወይም ባለጉዳዩ ለአጣሪ ጉባኤው እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፤ ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል፣ አያስፈልግም ካለ ፍርድ ቤት ያነሣውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤቱ ይመልሰዋል። በመመለሱ ቅር የተሰኘ ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ለምን? የሀ መልስ 380,000 ብር ነው፤ ያን ለማግኘት ማንም አዋጅ መሻር የለበትም። መ ደግሞ የሁሉንም አርሶ አደር ካሳ የሚነካ ጥያቄ ስለሆነ ረጅም መንገድ አለው። ሁለቱን አስራችሁ ብትሄዱ አጭሩ በረጅሙ ይታሰራል።

*ማስጠንቀቂያ፦* አቤቱታ ማቅረቢያው ቀን አጭር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ትእዛዙ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው። «መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱን እናስተርጉም» ብሎ የጠበቀ ሰው በሀ ላይ ያለውን መብት በእጁ ሊያጠፋ ይችላል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ደረጃ 7፦ መልሱን ጻፉ

ለእያንዳንዱ ቅሬታ አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የተጠቃው ነገር ምንድን ነው፣ በየትኛው እርከን ይገኛል፣ የሚፈርድበት የየትኛው እርከን ሕግ ነው፣ በሩስ የትኛው ነው። የሐ መልስ ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦

«የተጠቃው የክልሉ መመሪያ ነው። መመሪያው አቤቱታን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን አቤቱታ ሰሚ አካል አቋቁሟል። መመሪያ ከአዋጅ በታች ስለሆነ ክርክሩ ሕገ መንግሥቱን ሳይጠቅስ ይፈታል። ስለዚህ ጥያቄው የአስተዳደር ሕግ ነው፤ አቤቱታው በአዋጁ መንገድ ይቅረብ። ያው ክልከላ በአዋጅ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በአንቀጽ 37(1) የሕገ መንግሥት ጥያቄ ይሆን ነበር።»

አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ነው፤ ድንበሩ የት እንዳለ እንደምታውቁ የሚያሳየው ግን እሱ ነው። እኔ ሳርም መጀመሪያ የምፈልገው ያን ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

አንቀጽ ቁጥር ባየ ቁጥር የሕገ መንግሥት ጉዳይ ነው ማለት። ምልክቱ፦ መልሳችሁ ውስጥ አዋጅ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም።

አጣሪ ጉባኤውን የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ አድርጎ ማየት። ማመልከቻችሁ ስለ ምስክር፣ ስለ ስሌት፣ «ሰበር ማስረጃዬን አላየልኝም» ስለሚል ነገር የሚከራከር ከሆነ የጻፋችሁት ይግባኝ ነው፤ ርእሱን ስለቀየራችሁ የሕገ መንግሥት ክርክር አይሆንም። ሀን ይዞ አጣሪ ጉባኤ የሚሄድ ሰው የማባዛት ጥያቄ ይዞ ነው የሚሄደው።

መመሪያን በአንድ በር ብቻ ማሰብ። የፌዴራል መመሪያ ሥነ ሥርዓቱን ሳይከተል ወይም ከአዋጁ አልፎ ከወጣ በ1183/2012 ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ያው መመሪያ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ከተባለ ደግሞ ለአጣሪ ጉባኤው መቅረብ የሚችል «ሕግ» ነው። የቱ በር እንደሆነ የሚወስነው ክርክራችሁ እንጂ የወረቀቱ ዓይነት አይደለም።

በመጨረሻም የተሻረ ሕግ ይዞ መሥራት፣ ወረዳው በእናታችን ላይ እንዳደረገው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጡት ጥራዞች ውስጥ አዋጅ ቁጥር 455/1997 አሁንም አለ። ሽፋኑን ሳይሆን የመጨረሻውን ገጽ አንብቡ፤ «የተሻሩ ሕጎች» የሚለው አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።